ፎቶን ወደ ተረት መጽሐፍ ሥዕል ስቀይር ልጅቷ በየገጹ ሌላ ልጅ ትሆንብኛለች

የማራኪዋ መምህር
ሰላም ለሁላችሁ። ጎንደር የመዋዕለ ሕፃናት መምህር ነኝ። ለክፍሌ ልጆች 24 ገጽ ያለው የሥዕል መጽሐፍ እያዘጋጀሁ ነው። ታሪኩ ቀላል ነው። አንዲት የአምስት ዓመት ልጅ ከአያቷ ጋር ጥምቀትን ልታከብር ወደ ፋሲለደስ መዋኛ ትሄዳለች። እዚያ ሕዝቡ መሀል አያቷ ይጠፉባታል። መጨረሻ ላይ በከዘራቸው ትለያቸዋለች።

ሥዕል መሣል አልችልም። ስለዚህ የእህቴን ልጅና አባቴን በስልኬ ፎቶ አነሳኋቸው። እናቷም ፈቅዳለች። ፎቶዎቹን ላፕቶፔ ላይ በስቴብል ዲፊዩዥን ወደ ውሃ ቀለም ሥዕል እቀይራለሁ። አንዱ ገጽ ለብቻው ሲታይ ያምራል። ጎን ለጎን ሳስቀምጣቸው ግን ጉድ ነው። ገጽ 3 ላይ አምስት ዓመቷ ነው፣ ገጽ 9 ላይ ስምንት ሞልቷታል። የቀሚሷ ጥለት አንዴ አረንጓዴ፣ አንዴ ቀይ። ሹሩባዋ አንዴ አምስት መስመር፣ አንዴ አስር። ገጽ 14 ላይ ከሩቅ ስትታይ ጭራሽ ፊት የላትም፣ ቡናማ ነጠብጣብ ብቻ ናት። ፋሲል ግንብም የፈረንጅ ተረት ቤተ መንግሥት መስሎ ሾጣጣ ጣሪያ አብቅሏል።

`Denoising strength` የሚለውን አልነካሁትም፣ 0.75 ላይ ነው። ላፕቶፑ 6 ጊጋ የግራፊክስ ካርድ አለው። ምን ላድርግ?

ኮድ ሰባሪ
እህቴ ይሄማ ቀላል ነው። ሲዱን ቆልፊው። `Seed` የሚለው ቦታ -1 ከሆነ በየጊዜው አዲስ ቁጥር ይመርጣል ማለት ነው። አንድ ቁጥር ጻፊበትና ለ24ቱም ገጽ አትቀይሪው። ያው ልጅ ትመጣለች። አለቀ።

ጃንተከል ፎቶ
እንኳን ደስ አለሽ! እኛ ጋ የልጆች አልበም በጠንካራ ሽፋን እንሠራለን። ፊት ማጥራትም አለ፣ ጀርባውን መቀየርም አለ። ፎቶዎቹን በፍላሽ ብታመጪልን በሦስት ቀን እናደርስልሻለን። የልደቷ ቀን መቼ ነው?

የማራኪዋ መምህር
@ጃንተከል ፎቶ ልደት አይደለም ወንድሜ፣ የተረት መጽሐፍ ነው 😅
@ኮድ ሰባሪ ሲዱን 4411 ላይ ቆልፌ አራት ገጽ ሞከርኩ። የብሩሹ ስሜት ትንሽ ተመሳሰለ። ልጅቷ ግን አሁንም አራት የተለያዩ ልጆች ናት።

የቁስቋም ሰዓሊ
መምህርት፣ ሲዱ ላይ አትድከሚ። ሲድ ማለት ማሽኑ ሲጀምር የሚበትነው የነጠብጣብ ቁጥር ነው። ፎቶው አንድ፣ ሲዱም አንድ ከሆነ ያው ሥዕል ይወጣል። ያንቺ ፎቶ ግን በየገጹ ይለያያል። አንዱ ላይ ቆማለች፣ አንዱ ላይ ተቀምጣለች። ያው ነጠብጣብ ሌላ ፎቶ ላይ ሲያርፍ ሌላ ፊት ይሆናል። ሲድ የሚጠቅምሽ አንድ ገጽ ላይ ሆነሽ አንድ ነገር ብቻ ቀይረሽ ልዩነቱን ለማየት ስትፈልጊ ነው።

ዋናው ጥፋት 0.75ቱ ነው። ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ማሽኑ ፎቶሽን በነጠብጣብ ሸፍኖ ከራሱ ይፈጥራል። 0.75 ላይ ከእህትሽ ልጅ የሚተርፈው የቆመችበት ቦታና የልብሷ ቀለም ነው ብትይ ይቀላል። ዕድሜዋን፣ አገጯን፣ የዐይኗን ርቀት ማሽኑ ራሱ ነው የሚሞላው። እሱ ደግሞ አይቶ የማያውቃትን ልጅ ከየት ያመጣታል? እኔ ሰው ላይ ከ0.45 አልበልጥም። በዚያ ቁጥር ሥዕልነቱ ይቀንሳል፣ ፎቶ ፎቶ ይላል። ይሄንን ኋላ ክሪታ በሚባለው የሥዕል ፕሮግራም በእጅ በብሩሽ አካክሰዋለሁ። ማሽኑ ያላመጣውን ብሩሽ መጨመር አሥር ደቂቃ ነው። የጠፋ ፊት መመለስ ግን ቀን ይፈጃል።

ለግንቡ ሌላ መላ አለው። ሰውና ጀርባውን ለያዪ። ጀርባውን ብቻውን 0.6 ላይ ቀይሪው፣ ግን ኮንትሮልኔት ጨምሪበት። የፎቶውን መስመር አውጥቶ ማሽኑን እዚያ ላይ ያስረዋል። ፋሲል ግንብ በአራቱ ማዕዘን ክብ ማማ፣ ከላዩ እንቁላል የመሰለ ጉልላት አለው። ማሽኑ «ግንብ» ሲባል የሚያውቀው ሾጣጣውን ነው። መስመሩ ካልያዘው ሁልጊዜ ወደዚያው ይሸሻል።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን አንድ ጥያቄ። ፎቶዎቹን ያነሳሻቸው በአንድ ቀን ነው?

የማራኪዋ መምህር
ጋሼ አመሰግናለሁ። አይ፣ በአንድ ቀን አይደለም። አንዳንዱ ጥር 11 መዋኛው ጋ፣ ሌላው ኋላ ግቢያችን ውስጥ ነው። አንዳንዱ ጠዋት፣ አንዳንዱ ማታ በአምፖል። ከሁሉ የባሰው ደግሞ በመሀል ሁለት የፊት ጥርሷ ወለቀ 🤦🏾‍♀️

ኮድ ሰባሪ
ጥርስ ወለቀ 😂 ይሄ ማንኛውም ሶፍትዌር የማይፈታው ነው።
እሺ ስለ ሲዱ ተሸነፍኩ። ግን እኔ ጋ ሠርቶ ነበር እኮ! የሠራሁት ያለ ፎቶ፣ በጽሑፍ ብቻ ነው። ሁሉም ገጽ ላይ ደግሞ ልጁ ፊት ለፊት ቆሟል። ለዚህ ነው መሰለኝ።

የቁስቋም ሰዓሊ
አዎ፣ ለዚያ ነው። ወደ ጎን አዙረውና ሞክር፣ ወንድምዬው ይመጣልሃል።

መምህርት፣ እንግዲያው የልጅቷን ፎቶ እንደገና አንሺ። አትደንግጪ፣ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። የጥምቀቱን ፎቶ ለጀርባ ተጠቀሚበት፣ ሕዝቡን በዓመት አንዴ ነው የምታገኚው። ልጅቷን ግን ነጭ ግድግዳ ፊት፣ ጥላ ውስጥ፣ በአንድ ሰዓት አንሺያት። ለ24ቱም ገጽ የሚያስፈልገውን አቋም ጽፈሽ ይዘሽ ሂጂ፦ ስትሮጥ፣ ስታለቅስ፣ ቀና ብላ ስታይ።

ስልኩን ፊቷ ላይ አትደቅኚባት። በቅርብ ስታነሺ አፍንጫዋ ይተልቃል፣ ጆሮዋ ወደ ኋላ ይሸሻል። ራቅ ብለሽ ስታነሺ ፊቷ ይስተካከላል። አንዱን ገጽ በአንድ ክንድ ርቀት፣ ሌላውን በሦስት ሜትር ካነሳሽ ገና ፎቶው ላይ ሁለት ልጅ ሆናለች፣ ማሽኑ ምንም ሳይነካት። ሁልጊዜ ሦስት ሜትር ያህል ራቂና 2x አድርጊ። ተንበርከኪና ስልኩን በዐይኗ ቁመት ያዢ።

ጥርሷን ተዪው። ከንፈሯን ገጥማ ትነሳ፣ ወይም ከነወላቃዋ ትሁን። የአምስት ስድስት ዓመት ልጅ ወላቃ ብትሆን ማን ይፈርዳል? ብቻ ከገጽ 1 እስከ 24 አንድ ይሁን።

የአብነት ተማሪ
በመሀል ልግባ። ይሄ ጉዳይ አዲስ አይደለም። እዚሁ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ገብታችሁ ግድግዳውን እዩት። ቅዱስ ጊዮርጊስን በፊቱ ነው እንዴ የምታውቁት? በነጭ ፈረሱ ነው። አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስን በአንበሶቹና በነብሮቹ። አቡነ ተክለ ሃይማኖትን በአንድ እግራቸው ቆመው። ሰዓሊው ቢለያይ፣ ዘመኑ ቢለያይ፣ ፊቱ ቢለያይ ማንም አይሳሳትም። ለልጅቷም እንደ ፈረሱ ያለ አንድ ነገር ስጧት ባይ ነኝ።

የቁስቋም ሰዓሊ
ይሄ ልጅ የቀደምቶቹን ዘዴ ነው ያመጣው። እኔ ልለው ስዳዳ ቀደመኝ።

መምህርት፣ አሁን ልጅሽ ምን ለብሳለች? ነጭ የሐበሻ ቀሚስ። ጥምቀት ላይ ሕዝቡስ ምን ለብሷል? ነጭ። ታሪኩ ደግሞ ልጅ ሕዝብ መሀል ስትጠፋ ነው። እንኳን አያቷ፣ አንባቢውም አያገኛት! ጥር 11 ንጋት ላይ ጎንደር ይበርዳል አይደል? ከቀሚሱ ላይ ቢጫ ሹራብ አልብሻት። ማንም እናት የምታደርገው ነው፣ ሰበብ አይፈልግም። ሰፊና አንድ ወጥ ቀለም ስለሆነ ማሽኑም አያበላሸውም፣ ገጽ 14 ላይ ትንሽ ስትሆንም ይታያል።

ጥለቱን ግን ማሽኑ ላይ አትጣይ። ቀጭን ጥልፍ በየገጹ እንደ አዲስ ነው የሚፈጥረው። ቀሚሱን ሜዳ ነጭ አድርገሽ አውጪ። ከዚያ በክሪታ ከላይ አዲስ ሌየር ከፍተሽ ጫፉ ላይ አንድ ወፍራም ቀይ መስመር በእጅሽ አስምሪ። ለሹሩባውም እንዲሁ። አሥር መስመር ቆጥሮ የሚደግም ማሽን አላየሁም። ወደ ኋላ የተጎነጎነ ሁለት ወፍራም ሹሩባ በቂ ነው።

ቶሮንቶ ያለው ጎንደሬ
እኔ ለልጄ እንዲህ ያለ መጽሐፍ ሠርቼ ነበር፣ ግን በሌላ መንገድ። ሎራ አሠለጠንኩ። 18 ፎቶ ሰጥቼ ማሽኑ ልጄን እንዲያውቃት አደረግኩ። ከዚያ በኋላ ስሟን ስጽፍ ራሷ ትመጣለች፣ አዲስ ፎቶ ማንሳት የለ። እና መምህርቷ ለምን ሎራ አትሞክርም?

አንድ ያቃጠለኝን ልንገራችሁ። 18ቱም ፎቶ ላይ ቀይ ጃኬት ለብሳ ነበር፣ ክረምት ነበራ። ከዚያ በኋላ መኝታ ቤት ውስጥ በፒጃማ ብል ጃኬቷን ለብሳ ትተኛለች። ባሕር ዳርቻ ብል በጃኬት ትዋኛለች። ማሽኑ ጃኬቱ ራሱ ልጄ መሰለው። ኋላ ነው ያወቅኩት። ፎቶዎቹ ሥር በምትጽፉት መግለጫ ውስጥ ያልተጠቀሰ ነገር ሁሉ ከስሟ ጋር ይጣበቃል። «ቀይ ጃኬት» ብዬ ጽፌ ቢሆን ጃኬቱን ለብቻው ያውቀው ነበር።

የቁስቋም ሰዓሊ
ለእሷ ይሄ ስህተትህ ጥቅም ነው። ቢጫ ሹራቡ እንዲጣበቅ ነው የምንፈልገው፣ ስለዚህ መግለጫው ላይ አትጽፈውም።
ነገር ግን ለ24 ገጽ ሎራ ማሠልጠን አይታየኝም። ፎቶው ካለ ፎቶው ይበቃል። በ6 ጊጋ ላፕቶፕ ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ ነው፣ መብራት ካልሄደ።

ቶሮንቶ ያለው ጎንደሬ
ጋሼ በዚህ አልስማማም። ሁለተኛ መጽሐፍ ብታስብስ? ልጅቷ እኮ ታድጋለች። በሚቀጥለው ዓመት ፎቶ ብታነሳት ሌላ ልጅ ናት። ሎራው ግን ሁሌ አምስት ዓመቷ ነው።

የቁስቋም ሰዓሊ
እሱ እውነት ነው። ግን ያኔ ያለቁትን 24 ሥዕሎች ነው ለማሠልጠኛ የምትሰጠው፣ ፎቶዎቹን አይደለም። መጽሐፉ ውስጥ ያለችው ልጅ ከፎቶዋ ትለያለች፣ ሁለት ሹሩባና ቢጫ ሹራብ ያላት ልጅ ናት።

ቶሮንቶ ያለው ጎንደሬ
ሥዕል ብቻ ከሰጠኸው የሥዕሉን ጉድለትም ይማራል። ገጽ 9 ላይ የተበላሸ እጅ ካለ በየገጹ ያመጣልሃል። እኔ ግማሽ ፎቶ ግማሽ ሥዕል እላለሁ። እንግዲህ ሞክረው የሚፈርዱ ይፍረዱ።

የማራኪዋ መምህር
ሎራው ለጊዜው ይቆይልኝ። ላሳዳጊዎች ደግሞ አንድ ነገር፦ የማንንም ልጅ ፎቶ ኢንተርኔት ላይ ያለ አገልግሎት ውስጥ አልጫንኩም፣ ሁሉም ላፕቶፔ ላይ ነው። እናቷም የፈቀደችው በዚህ ነው።

ፎቶውን ቅዳሜ ጠዋት እንደገና አነሳሁ። ሹራቡን ከጎረቤት ተዋስኩ። በ0.45 ሞክሬ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ሁለት ገጽ ላይ አንድ ልጅ አየሁ! አንድ የቀረኝ ገጽ 14 ነው። መዋኛው በሙሉ ይታያል፣ እሷ ጥግ ላይ ትንሽ ናት። ፊቷ አሁንም የተላጠ ድንች ነው።

የቁስቋም ሰዓሊ
ፊቷ ስንት ፒክስል ነው? ለኪውና ንገሪኝ።

የማራኪዋ መምህር
ምስሉ 1024 በ1024 ነው። ፊቷ ወደ 48 ፒክስል።

የቁስቋም ሰዓሊ
በቃ መልሱ እሱ ነው። ማሽኑ ምስሉን እንዳለ አይሠራበትም፣ በየጎኑ ስምንት ጊዜ አሳንሶ ነው። 48 ለስምንት ሲካፈል ስድስት። ስድስት በስድስት ካሬ ውስጥ ሁለት ዐይን፣ አፍንጫና አፍ አስገቢ ብትባዪ አንቺስ ትችያለሽ? ቁጥሩን ዝቅ ብታደርጊም፣ የተሻለ ቃል ብትጽፊም ለውጥ የለውም። ቦታ ነው ያጣው።

ስለዚህ ፊቷን አውጥተሽ አሳድገሽ ሥሪው። መጀመሪያ ያለቀውን ገጽ 14 ወደ ማተሚያ ልኬቱ አሳድጊው። መጽሐፉ 21 በ21 ሳንቲ ሜትር ከሆነ በ300 ዲፒአይ 2480 ፒክስል ነው። አሁን ጭንቅላቷን ከትከሻዋ ጋር በኢሜጅማጂክ ትእዛዝ 400 በ400 ቁረጪና ወደ 1024 አሳድጊ፦

```
magick g14.png -crop 400x400+1720+980 +repage -resize 1024x1024 ras14.png
```

ከመደመር ምልክቱ በኋላ ያሉት ቁጥሮች ቁራጩ የሚጀምርበት ቦታ ናቸው፣ ያንቺን አስገቢ። ብዥታው ላይ አትሥሪ። ከቅዳሜው ፎቶ ውስጥ አቋሙ የሚገጥመውን ፊት እዚያ ላይ አስቀምጪ። ከዚያ 0.4 ላይ ቀይሪውና ወደ 400 መልሰሽ ቦታው ላይ ለጥፊው። ጠርዙን በለስላሳ ማጥፊያ አዋህጂው። `Inpaint` ውስጥ `Only masked` የሚለውም ይሄንኑ ቆርጦ አሳድጎ መመለሱን ራሱ ይሠራዋል። እኔ ግን እጄ የለመደው በእጅ ነው፣ የማየው ይበልጣል።

ስትለጥፊ ከእግሯ ሥር ጥላ መሣልን አትርሺ። አለበለዚያ ተንሳፋ ትቀራለች፣ ታቦቱን ተከትላ የምትበር ትመስላለች።

ኮድ ሰባሪ
ገጽ 13 ካለቀ እሱኑ መልሳ ለገጽ 14 መነሻ ብታደርገውስ? ስታይሉ ይቀጥላል።

የቁስቋም ሰዓሊ
ለሁለት ገጽ ያስኬድሃል። ከዚያ የፎቶኮፒ ፎቶኮፒ ይሆናል። በየዙሩ ቀለሙ እየጋለ፣ መስመሩ እየቀለጠ፣ ፊቷም ትንሽ ትንሽ እየሸሸ ይሄዳል። አንዱ ገጽ ከቀጣዩ ጋር ሲታይ ልዩነት የለውም፣ ገጽ 1ን ከገጽ 20 ጋር ስታይ ነው የምትደነግጠው። ሁልጊዜ ወደ ዋናው ፎቶ ተመለስ።

ጃንተከል ፎቶ
ቅድም ጥያቄውን አልተረዳሁትም፣ ይቅርታ። ግን ስለ ቀለም እኔም የምለው አለኝ። የጠይም ልጅ ፊት በስክሪን ቆንጆ ሆኖ ወረቀት ላይ ሲታተም ይጠቁራል። በተለይ የማያብረቀርቅ ወረቀት ቀለም ይጠጣል። አንዴ የሙሽሮች አልበም እንደዚያ ሆኖብኝ ሃምሳ ገጽ ደግሜያለሁ፣ በኪሴ። ስለዚህ ፋይሉን ሙሉውን አትላኪ። ፊቷ ጎላ ብሎ የሚታይበትን አንድ ገጽ በዚያው ወረቀት አሳትመሽ በቀን ብርሃን እዪው።

ሌላው፣ ፎቶ ስታነሺ መጀመሪያ ነጭ ወረቀት ልጅቷ አጠገብ ይዘሽ አንሺ። ኋላ ነጩን ነጭ ስታደርጊ ቆዳዋም ልኩን ይይዛል። ማሽኑም ቢሆን ከአምፖል ብርሃን የመጣውን ብጫነት የቆዳዋ ቀለም አድርጎ ነው የሚወስደው።

የማራኪዋ መምህር
ወንድሜ ይሄ ከአልበሙ በላይ ጠቀመኝ 🙏🏾 ለቆዳዋ ሦስት ቀለም መርጬ ጽፌያለሁ። መሀለኛው `#8A5A3C` ነው። በየገጹ ጉንጯ ላይ የቀለም መምረጫውን አስቀምጬ አያለሁ። ከራቀ አስተካክላለሁ።

ስም የለሽ 7
ይቅርታ፣ ፊደሉን በምን ነው የምትጽፉት? እኔ ማሽኑ ሰሌዳ ላይ «ጎንደር» እንዲጽፍ ብለው ፊደል የሚመስል ጉንዳን አመጣልኝ።

የማራኪዋ መምህር
እሱን ማሽኑ ላይ አትሞክረው። ሰሌዳውን ባዶ አስወጣና ኋላ በኢንክስኬፕ ጻፍበት።

የቁስቋም ሰዓሊ
ስንት ገጽ ደረሰ መምህርት? ሁሉንም ከመጨረስሽ በፊት ጭንቅላቶቹን ብቻ ቆርጠሽ አንድ ላይ ደርድሪያቸው። ሙሉ ገጽ ስታዪ ዐይንሽ በጀርባው ይታለላል። ፊት ብቻ ሲደረደር ሌባው ይታወቃል።

```
magick montage ras*.png -tile 6x4 -geometry 200x200+4+4 hulum.png
```

ከዚያ ራቅ ብለሽ ዐይንሽን ጨፈን አድርገሽ እዪው።

የማራኪዋ መምህር
ደረደርኩት። ሃያ ሁለቱ አንድ ልጅ ናቸው፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ገጽ 5 ላይ ግንባሯ ሰፍቷል፣ ያረጀ ፎቶ ተቀላቅሎ ነው። ገጽ 17 ግን ምን እንደሆነ አልገባኝም። ፊቷ ያው ነው፣ ሹራቡ ያው ነው፣ ግን አንድ ነገር ይከብደኛል።

የቁስቋም ሰዓሊ
ገጽ 17ን አገላብጠሽዋል?

የማራኪዋ መምህር
ውይ! አዎ! ወደ ቀኝ እንድታይ ብዬ ፎቶውን ገልብጬዋለሁ። የጸጉሯ መክፈያ ወደ ሌላው ጎን ሄዷል። ቆይ... አባቴም እዚያ ገጽ ላይ አሉ። ከዘራቸው ግራ እጃቸው ላይ ነው!! መጽሐፉ በሙሉ ቀኝ እጃቸው ነው፣ ልጅቷም በከዘራው ነው የምታገኛቸው።

የአብነት ተማሪ
ነጩን ፈረስ ከጊዮርጊስ ነጠቅሻቸው ማለት ነው 😄

የማራኪዋ መምህር
ሳትስቅብኝ። አባቴን ነገ ጠዋት ግድግዳው ፊት አቆማቸዋለሁ። «ደግሞ ለምን?» ማለታቸው አይቀርም። አንዱን ገጽ ዛሬ አሳትሜ ለእህቴ ልጅ አሳየኋት። አያቷን ወዲያው አወቀቻቸው። ራሷን ግን «ይቺ ቢጫዋ ልጅ ማናት?» አለችኝ።

የቁስቋም ሰዓሊ
ሹራቡ የጎረቤት ነዋ! ከመመለስሽ በፊት የአባትሽን ፎቶ ስታነሺ እሷንም ጨምሪያት። ገጽ 5 ቀርቶሻል።